ፓኬጅ ከማሳደግሽ በፊት አሮጌውን ዕቃ ፈልጊ

«ደሴ ፒያሳ ፀጉር ቤት አለኝ። ዋይፋዩ ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ይሞታል። ፓኬጅ ላሳድግ ወይስ ራውተር ልቀይር?»

አብሽር እህቴ፣ ብርሽን አታውጪ። ከሰዓት የሚከፈት አንድ አሮጌ ዕቃ ቤትሽ ውስጥ አለ። ኮምቦልቻ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ስላለኝ ይቺን በሽታ አውቃታለሁ።

1. መጀመሪያ መስመሩን ከዋይፋዩ ለዪ። ዋይፋዩ ሲሞት፣ በዋይፋይ ከተገናኘ ኮምፒውተር ራውተሩን ጠይቂው፦

```
ping 192.168.1.1
```

አድራሻው የተለየ ከሆነ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ራውተሩ አጠገብ ሆነሽም መልሱ በመቶዎች ሚሊሰከንድ ከዘለለ ችግሩ እዚያው ቤትሽ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ይዤ የኢንተርኔት አቅራቢዬ ቢሮ ብሄድ ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ፓኬጅዎ ትንሽ ነው» አለችኝ። የላኩት ቴክኒሻን ደግሞ የዋይፋይ ማስፋፊያ ሸጠልኝ። እሱም በዚያው ቻናል ስለሚሠራ ጭራሽ አባሰው። ልመልስ ብል «የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም»!

2. ጥፋተኛውን ራሴ አገኘሁት። ዘመዴ ከጅዳ ያመጣው ላፕቶፕ ነው። ካርዱ 802.11b ብቻ ነው፤ በፈረንጆች 1999 የወጣ የዋይፋይ ደረጃ፣ ጣሪያው 11 ሜጋቢት በሰከንድ። የእህቴ ልጅ ከሰዓት ይመጣና ኋላ ክፍል መንዙማ ይከፍትበታል። አየሩ የጋራ ነው፣ መረጃ ተከፋፍሎ በትንንሽ ጥቅል ይላካል፣ ተራውም የሚደርሰው በጥቅል እንጂ በጊዜ አይደለም። 1,500 ባይት ጥቅል በ54 ሜጋቢት ሩብ ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ላፕቶፑ ግን በግድግዳ ተከልሎ ወደ 1 ሜጋቢት ሲወርድ ያው ጥቅል 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም እንኳ፣ ከተገናኘ በቃ፣ ሌሎቹ ከመላካቸው በፊት እሱ የሚሰማው ዘገምተኛ ማስጠንቀቂያ ለመላክ ይገደዳሉ።

ያንኑ አድራሻ ብሮውዘር ላይ ስትጽፊ የሚከፈተው የራውተሩ ገጽ የተገናኙትን ከነፍጥነታቸው ካሳየ፣ እየሠራ ከ11 የማያልፈውን ያዢ። አዲስ ስልክም ሥራ ሲፈታ 1 ሊያሳይ ስለሚችል እሱን በከንቱ እንዳትወነጅዪ። ገጹ ፍጥነት ካላሳየሽ አንድ በአንድ እያጠፋሽ ፒንጉን እዪ። እኔ ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ መልሱ ወዲያው ወደ 2 እና 3 ሚሊሰከንድ ወረደ። ቴክኒሻን ተብዬው ይህን ቢያይ ደስ ባለኝ።

3. መፍትሔው የኔትወርክ ገመድ ነው። አሮጌውን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኚና ዋይፋዩን አጥፊበት። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ የ2.4 GHz ሞዱን ከ b/g/n ወደ g/n ቀይሪው፣ ሌላ አሮጌ እንዳይገባብሽ። ቅደም ተከተሉን አታዛንፊ፤ ሞዱ ከተቀየረ አሮጌው በዋይፋይ አይገባም። የእንግዳ ዋይፋይ ከፍተሽ አሮጌውን እዚያ እንድታስገቢው የሚመክሩሽ ይኖራሉ። በዚያው ሬዲዮ ላይ ስለሆነ ስሙ እንጂ አየሩ አይለይም። አንዳንድ ራውተር ይህን ሞድ ደብቆታል፤ ያኔ ገመዱ ብቻውን ይበቃሻል።