የተቀዳ ሥልጠናን ለአዲስ ሠራተኛ የሥራ ቅደም ተከተል ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ካፌ ውስጥ ሠራተኛ ማሠልጠን የብዙ ዓመት ሥራዬ ነው። መልሶቼ እንዳይበታተኑ በአንድ ሥራ ላይ ላስራቸው ነው፦ ማታ ከመዘጋቱ በፊት የሚደረገው የቡና ማሽን እጥበት። ሁሉም ካፌ አለው፣ ብዙ ቦታም ይበላሻል።

የካፌ ባለቤት፣ ሐዋሳ፦ ዋናው ባሪስታዬ ማሽን አስተጣጠብ ሲያሳይ በስልክ ቀዳሁት። 50 ደቂቃ ነው። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ማሽኑ ግን አሁንም በደንብ አይታጠብም። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳይይዙ አንዴ እስከ መጨረሻው ይዩት። ሥራው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ብቻ ይለዩ። 50 ደቂቃው ውስጥ እጥበቱ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ወሬ፣ ማብራሪያና የደንበኛ ታሪክ ነው።

ሁለተኛውን ዙር ድምፁን አጥፍተው ይዩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፦ ደቂቃው፣ እጁ የሠራው፣ አፉ የተናገረው። በዚህ ዙር የሚሞላው እጁ የሠራው ብቻ ነው። ባሪስታው «ከዚያ ግሩፑን ታጥቡታላችሁ» ብሎ ያልፋል። ግሩፕ የሚባለው የቡናውን ወንፊት የያዘው እጀታ የሚታሰርበትና ውሃው የሚወርድበት የማሽኑ ክፍል ነው። እጁን ሲያዩት ግን እጀታውን ይፈታል፣ ወንፊቱን ያወጣል፣ ቀዳዳ የሌለውን ወንፊት ይገጥማል፣ ዱቄት ይጨምራል፣ መልሶ ያስራል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ያጠፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስምንት ሥራ። አዲሱ ሠራተኛ የሚሰማው አንዱን ነው። ስምንቱ ለባሪስታው እጅ ስለለመዱት መናገር ትዝ አይለውም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፁን ከፍተው የተናገረውን በየእጅ ሥራው ትይዩ ይጻፉ።

አንድ አባል፦ እኔ ንግግሩን ቃል በቃል አጽፌ ነው የማሳጥረው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ምንም አይቀርም። ይሄ አይሻልም?

ግማሹ ልክ ነው። መጠንና ማስጠንቀቂያ የሚገኘው ከንግግር ነው። «ይሄ ዱቄት ዓይን እንዳይገባ» ያለው በእጁ አይታይም፣ እሱን ማጻፍ ይገባል። ግን የንግግር ቅደም ተከተል የሥራ ቅደም ተከተል አይደለም። 31ኛው ደቂቃ ላይ «እንዴ ረስቼው፣ ከዚህ በፊት የወተቱን ቱቦ መጥረግ ነበረብን» ይላል። ቃል በቃል ያጻፈ ሰው ቱቦውን ከእጥበቱ በኋላ ያስቀምጠዋል። ወተቱ ደግሞ በቆየ ቁጥር እየደረቀ ይጣበቃል። ስለዚህ «ረስቼው»፣ «በነገራችን ላይ»፣ «ከዚህ በፊት» ያለበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ያስምሩ። ቦታ የሚቀየረው እርምጃ የሚገኘው እዚያ ነው።

ጀማሪ ሱፐርቫይዘር፣ አዲስ አበባ፦ ያለቀው ወረቀት ምን ይመስላል? ቢያንስ የተወሰነውን አሳዩን።

ለባለ ሁለት ግሩፕ ማሽን ካዘጋጀሁት መሐል የሚከተለው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በቅንፍ ያለው ሠራተኛው ሥራው እንዳለቀ የሚያውቅበት ምልክት ነው።

☐ የመጨረሻው ቡና መውጣቱን ከካሸሯ ያረጋግጡ። ማሽኑን አያጥፉ።
☐ የወተቱን ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ ለ2 ሰከንድ እንፋሎት ይልቀቁ። (ጫፉ ላይ ነጭ ነገር የለም)
☐ እጀታውን ይፍቱ፣ የቡናውን ወንፊት አውጥተው ቀዳዳ የሌለውን ይግጠሙ።
☐ 3 ግራም የማሽን ማጠቢያ ዱቄት ይጨምሩ።
☐ እጀታውን ግሩፑ ላይ አጥብቀው ይሰሩ። (ከዳር ውሃ አያንጠባጥብም)
☐ ቁልፉን ይጫኑ፣ 10 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ያጥፉ፣ 10 ሰከንድ ይጠብቁ። ይህን 5 ጊዜ ያድርጉ።
☐ እጀታውን ቀስ ብለው ይፍቱ፣ ውሃው ያቃጥላል። በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ።
☐ ያለ ዱቄት ደግሞ 5 ጊዜ ይድገሙ። (የሚወጣው ውሃ አረፋ የለውም። ካለው አሁንም ይድገሙ)
☐ ሁለተኛውን ግሩፕ እንዲሁ ያድርጉ።

ልብ በሉ፣ «ለምን» የሚል የለበትም። የቡና ዘይት ግሩፑ ውስጥ ቢቀር ቡናው እንደሚመርና መጥፎ ሽታ እንደሚይዝ ሥልጠናው ላይ ይነገራል። ወረቀቱ ላይ ከገባ ሠራተኛው ማሽኑ ፊት ቆሞ ቀጣዩን እርምጃ ፍለጋ ይደናበራል።

ጠያቂ ከአዳማ፦ ቪዲዮውን ቆርጦ ለማሳጠር የትኛው አፕ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ያንተ ጥያቄ ቪዲዮ ስለማሳጠር ነው። እዚህ የምናወራው ከቪዲዮ ወረቀት ስለማውጣት ነው። ቢሆንም ለሁለቱም የሚጠቅም ነገር ልንገርህ። ኮምፒውተር ላይ `VLC` ተጠቀም። `Shift` ከግራ ቀስት ጋር ስትጫን 3 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልስሃል፣ `[` ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንስልሃል። የእጅ ሥራ ስትመዘግብ ይህ በጣም ያግዛል።

ቆርጠህ ማስቀረት የሚገባህ በጽሑፍ የማይገለጸውን ብቻ ነው። እጀታው የሚታሰርበትን አቅጣጫና ጥብቀት በቃል ብትጽፈው ማንም አይገባውም። እሱን 15 ሰከንድ ቆርጠህ ከወረቀቱ ጋር ላክ።

የካፌ ባለቤት፣ ሐዋሳ፦ ባሪስታዬ «ትንሽ ዱቄት»፣ «እስኪጠራ ድረስ»፣ «ደህና አድርጋችሁ» ይላል። እነዚህን ምን ላድርጋቸው?

ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። «ትንሽ» ይመዘናል። እንደ ልማዱ ይጨምር፣ እርስዎ በቡና ሚዛን ይመዝኑት፣ ሦስቴ ያድርጉት። ውጤቱን ማሸጊያው ላይ ካለው መጠን ጋር ያስተያዩ። ከተለያየ የሚጻፈው የማሸጊያው ነው። ባሪስታው በልማድ ያበዛ ይሆናል፣ ሲበዛ ደግሞ ለማጠብ ይከብዳል።

«እስኪጠራ» መጥፎ አይደለም፣ የት እንደሚታይ ብቻ ይጨመርበት። ከግሩፑ የሚወርደውን ውሃ በነጭ ሲኒ ተቀብሎ ማየት ይቻላል። «ደህና አድርጋችሁ» ግን ምንም አይናገርም። ባሪስታው «ደህና ያልተደረገ ምን ይመስላል?» ተብሎ ይጠየቅ። ወዲያው «ዳሩ ላይ ያለው ጎማ ውስጥ ዱቄት ይቀራል» ይልዎታል። ያ እንግዲህ ቪዲዮው ላይ ያልነበረ እርምጃ ነው፦ ጎማውን በብሩሽ ማጽዳት።

ጥያቄዎቹን ቢሮ አስቀምጠው አይጠይቁት። ማሽኑ ጋ ቆሞ ይመልስ። የረሳውን እጁ ያስታውሰዋል።

የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፦ የእኔ ሥራ ቡና አይደለም። ታካሚ መቀበልን ከተቀዳ ሥልጠና ሳወጣ «ካርዱ ከጠፋ»፣ «ስም ከተመሳሰለ»፣ «ሪፈር ከሆነ» እያለ አራት ገጽ ሆነብኝ።

የእርስዎ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም «ከሆነ» የሚበዛበት ሥራ ነው። የሁልጊዜውን መንገድ አንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፦ ካርድ ያለው፣ ሪፈር ያልሆነ፣ ስሙ ያልተመሳሰለ ታካሚ። «ከሆነ» የሚለው ሲመጣ እዚያው አይዘርዝሩት፣ «ሉህ ለ» ብለው ወደ ሌላ ወረቀት ይምሩት። ስም ሲመሳሰል የአያት ስም፣ ዕድሜና ስልክ ማመሳከር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ የራሱ ሉህ ይኑረው። አዲስ ሰው ጨርሶ መወሰን የሌለበት ደግሞ አለ። እዚያ ላይ የሚጻፈው እርምጃ አንድ ነው፦ «ኃላፊ ይጥሩ»።

ሌላም ነገር አለ። ቅጂው ላይ የእውነተኛ ታካሚ ስም ከተሰማ ወይም ካርድ ከታየ ለአዲስ ሠራተኛ አይላክም። ወረቀቱ ላይም ያ ስም ምሳሌ ሆኖ አይገባም።

ጀማሪ ሱፐርቫይዘር፣ አዲስ አበባ፦ ወረቀቱ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

ቪዲዮውን ያላየ ሰው ፈልጊ። ወረቀቱን ስጪውና አጠገቡ ዝም ብለሽ ቁሚ። ካልተቃጠለ ወይም ማሽን ካላበላሸ በስተቀር አፍሽን አትክፈቺ። ቀና ብሎ ያየሽ ቦታ ሁሉ የወረቀቱ ጉድለት ነው፣ ምልክት አድርጊበት።

ከላይ ያሳየሁትን ወረቀት አንዲት አዲስ ልጅ ላይ ሞክረነው ነበር። «ቁልፉን ይጫኑ» የሚለው ጋ ቆመች። ግሩፑ ላይ አምስት ቁልፍ አለ። ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፣ ለእሷ ግን አምስቱም ቁልፍ ነው። «ከቀኝ ዳር ያለውን ቁልፍ» ብለን አረምነው፣ በዚያ ማሽን ላይ ውሃው ሳይቋረጥ የሚፈስበት እሱ ነው። ቀጥሎ ያለው ክፍል ላይ ደግሞ «እጀታውን ዘፍዝፉ» ይል ነበር። ፕላስቲኩን ጨምራ ልትዘፈዝፈው ስትል ያዝናት። ዱቄቱ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል። አሁን «ብረቱን ብቻ ይዘፍዝፉ፣ መያዣው ከውሃ በላይ ይሁን» ይላል።

በሁለተኛ ሰው ላይም ሞክሪ። ሁለተኛው ቀና ሳይል ከጨረሰ ለጊዜው አልቋል።

ባሪስታ፣ አዲስ አበባ፦ ነባር ሠራተኛ እንደ ተማሪ ወረቀት ሲሰጠው ይከፋዋል። እኛ ጋ ማታ ላይ ሁሉንም ሳጥን ባንዴ ነው የምንሞላው፣ እውነቱን ለመናገር።

አጠቃቀሙ አንድ ዓይነት ሊሆን አይገባም። አዲሱ አንድ መስመር ያነባል፣ ይሠራል፣ ምልክት ያደርጋል። ነባሩ እንደልማዱ ይሥራና መጨረሻ ላይ ከረሳ ብሎ ብቻ ያመሳክር። ለእሱ አምስት መስመር ይበቃዋል፦ ሲረሱ ጉዳት የሚያመጡት ብቻ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማስገደድ ነው ሳጥን ባንዴ የሚያስሞላው።

አንድ አባል፦ አልስማማም። እኛ ጋ የሠራውም የተቆጣጠረውም ካልፈረመ ማንም አይሠራም። ሳጥን ብቻውን ዋጋ የለውም።

ፊርማው ማን እንደሠራ ይነግርሃል፣ እንዴት እንደሠራ ግን አይነግርህም። እኔ ጠዋት የሚከፍተው ሰው ወንፊቱን አሽትቶ ቢመዘግብ እመርጣለሁ። ሆኖም ሦስትና አራት ቅርንጫፍ ያለው ቤት ያለ ፊርማ እንዴት እንደሚቆጣጠር እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩን።

የካፌ ባለቤት፣ ሐዋሳ፦ ሌላ ማሽን ልገዛ ነው። ይሄው ወረቀት ያገለግላል?

ሳያረጋግጡ አይጠቀሙበት። በቀዳዳ የለሽ ወንፊት የሚታጠበው ቡናው ሲቆም ግፊቱን መልሶ የሚያስወጣ ቫልቭ ያለው ማሽን ብቻ ነው። አንዳንድ ትንንሽና በእጅ የሚጎተቱ ማሽኖች የላቸውም፣ እነሱ ላይ ይህን ማድረግ ጉዳት ያመጣል። የማሽኑን መመሪያ ይዩ ወይም ቴክኒሻኑን ይጠይቁ። ወረቀቱ አናት ላይ የማሽኑን ሞዴልና የተጻፈበትን ቀን ያስፍሩ። በየእርምጃው ጎን የቪዲዮውን ደቂቃ በትንሹ ይጻፉ፣ ቅጂውንም አያጥፉት። አዲሱ ማሽን ሲመጣ የትኛው መስመር እንደሚቀየር ከዚያ ይለዩታል።