የኮሌታ፣ የካፍና የወገብ ማጠንከሪያ ጨርቅ፦ ጋሽ ታደሰ ጥያቄዎቻችሁን ይመልሳሉ

ሰላም፦ ጋሽ ታደሰ፣ ለጥጥ ሸሚዝ ኮሌታ በካውያ የሚለጠፍ የተሸመነ ማጠንከሪያ ተጠቀምኩ። ጨርቁን ቀድሜ አጥቤዋለሁ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ልሙጥ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ላዩ በሙሉ ተነፋፋ። ሙጫው ነው መጥፎ ወይስ ካውያዬ?

ታደሰ፦ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የተነፋበትን ቦታ እይው። የተላቀቀው ጫፍ ጫፉ ወይም እዚህም እዚያም ብቻ ቢሆን ካውያው በቂ ሙቀት ወይም ጫና አልሰጠም እልሽ ነበር። ፊቱ በሙሉ እኩል ከተነፋ ግን ማጠንከሪያው ከጨርቁ በላይ አጥሯል ማለት ነው። ጨርቁን አጥበሽዋል፣ ማጠንከሪያውን ግን አላጠብሽውም። የተሸመነ የጥጥ ማጠንከሪያ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ከመቶ 2 ቢያጥር፣ 40 ሳንቲሜትር በሚረዝም ኮሌታ ላይ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። ጨርቁ አላጠረም፤ ስለዚህ ያ 8 ሚሊሜትር ትርፍ ጨርቅ መሄጃ አጥቶ ከሙጫው እየተላቀቀ ወደ ላይ ይነሳል። ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ ያልታጠበ ጨርቅ በታጠበ ማጠንከሪያ ላይ ብትለጥፊ ደግሞ ፊቱ አይነፋም፤ ኮሌታው ይጠመዘዛል፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ይቆለመማሉ።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። ማጠንከሪያውን አጣጥፈሽ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጪው። አትሺው፣ አትጭመቂው፣ የፈላ ውኃም አታቅርቢበት፤ የሙጫው ነጠብጣቦች ይረግፋሉ ወይም ይለሰልሳሉ። ከዚያ በእንጨት ላይ ዘርግተሽ በራሱ ይድረቅ። ከመቁረጥሽ በፊት ደግሞ ቁራጭ ላይ ሞክሪ። 20 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ወስደሽ በድሩም በማጉም አቅጣጫ 15 ሳንቲሜትር ለክተሽ ምልክት አድርጊ፣ ማጠንከሪያውን ለጥፊበት፣ ሲበርድ ለኪው። እዚያው አጥሮ ካገኘሽው በካውያው ሙቀት የሚኮማተር ነው፤ አጥበሽ መጨነቅ እንኳን አያስፈልግም፣ ተይው። ካላጠረ ልብሱ በሚታጠብበት መንገድ ሦስት ጊዜ እጠቢና እንደገና ለኪ። ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከተለወጠ ወይም ፊቱ ከተነሳ ለኮሌታ አይሆንም።

ያሁኑን ኮሌታ በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ብትጫኚው ለጊዜው ይተኛል። በሚቀጥለው እጥበት ይመለሳል። ኮሌታውን ፈትተሽ ለውጪው።

ሄኖክ፦ ማጠንከሪያ ጨርቅ፣ ኢንተርፌሲንግ የሚባለው፣ የቱ ይሻላል?

ታደሰ፦ ለምን ልብስ? በምን ጨርቅ? እንዴት ለሚታጠብ? ሦስቱን ጻፍ።

ዮናስ፦ ጋሽ ታደሰ፣ እኔ የማውቀው ደንብ ቀላል ነው፤ ለተሸመነ ጨርቅ የተሸመነ ማጠንከሪያ፣ ለሹራብ ጨርቅ የሹራብ ማጠንከሪያ። ከዚህ በላይ ማወሳሰብ ምን ያስፈልጋል?

ታደሰ፦ የደንቡ ሁለተኛ ግማሽ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ የመጀመሪያው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ቀጭን ተንጠልጣይ የሴት ሸሚዝ ጨርቁ የተሸመነ ነው፤ የተሸመነ ማጠንከሪያ ብትለጥፍበት ኮሌታው እንደ ካርቶን ቀጥ ይላል። ለእሱ ቀጭን የሹራብ ማጠንከሪያ ይስማማዋል፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወድቃል። የሹራብ ማጠንከሪያ አብዛኛውን ጊዜ በወርዱ ይሳባል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይሳብም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብህ “ከጨርቁ ጋር ይመሳሰላል ወይ?” ብለህ አይደለም፤ ልብሱ እዚያ ቦታ ላይ በየትኛው አቅጣጫ እንዳይሳብ ነው የምትፈልገው? ያንን ካወቅህ ማጠንከሪያውን ወደዚያ አዙረህ ትቆርጣለህ። ቲሸርት ላይ የሚሰፋ የአዝራር መደብ በርዝመቱ መለጠጥ የለበትም፤ የማይሳበው አቅጣጫ በቁመቱ ይሂድ።

ዮናስ፦ ታዲያ ቀጭን የሹራብ ማጠንከሪያ ለወንድ ሸሚዝ ኮሌታም ይሆናላ?

ታደሰ፦ ለስላሳ ኮሌታ ከፈለግህ ይሆናል። ጫፉ ሹል ሆኖ የሚቆም ኮሌታ ከፈለግህ አይሆንም፤ ሲገለበጥ ጫፉ ይዶለዱማል። ለዚያ የተሸመነ የጥጥ ማጠንከሪያ ነው። ቁራጭ ላይ ሞክር።

እትዬ አልማዝ፦ ታደሰ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያመጣው ሙጫ ነው። በስፌት የሚያዝ ማጠንከሪያ አይነፋም፣ አይላቀቅም። ለምን ልጆቹን ወደዚያ አትመራቸውም?

ታደሰ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው፣ ሙጫ የሌለው አይነፋም። ለሐር፣ ለከፋይና ፊቱ ጎርበጥ ላለ ጨርቅ እኔም የሚሰፋውን ነው የምመርጠው፤ የካውያ ጫና ጸጉሩንም ጉርብጥብጡንም ይደፈጥጠዋል፣ በስስ ሐር ላይ ደግሞ የሙጫው ነጠብጣብ ወደ ፊት ይወጣል። ግን የሚሰፋውም አስቀድሞ ካልታጠበ ያጥራል፤ አይነፋም እንጂ ኮሌታውን ከውስጥ ይሰበስበዋል። ሌላም ነገር አለ። ከታጠበ በኋላ በውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ በየጊዜው በካውያ መስተካከል ይፈልጋል። ካውያ የማይወድ ሰው ለሚለብሰው ሸሚዝ የሚለጠፈው ይቀላል።

እትዬ አልማዝ፦ ሸሚዝ ለብሶ ካውያ የማይወድ ሰው አይገባኝም። በደንብ የተሰፋ የጥጥ ማጠንከሪያ ዘላለም ይኖራል፤ ኮሌታውም ሲገለበጥ የተፈጥሮ ክብነት ይኖረዋል። የተለጠፈው ድርቅ ይላል።

ታደሰ፦ ድርቅ የሚለው ከጨርቁ የከበደ ማጠንከሪያ ሲለጠፍ ነው። ሁልጊዜ ከጨርቁ ቀለል ያለ ውሰዱ፤ ሙጫው ራሱ ጥንካሬ ይጨምራል። በክብነቱ ግን አልከራከርዎትም።

ብሩክ፦ እናንተ ስለ ኮሌታ ስትከራከሩ ጥያቄዬ ተረሳ። የምለጥፈው ከላይኛው ኮሌታ ነው ወይስ ከታችኛው? ደግሞስ የስፌት ትርፉ ውስጥ ይግባ ወይስ ተቆርጦ ይውጣ?

ታደሰ፦ ለሸሚዝ ከላይኛው። የሚታየው ፊት እሱ ነው፤ የስፌት ትርፉም ከማጠንከሪያው ስር ስለሚተኛ በካውያ ሲተኮስ ጠርዙ ፊት ላይ አይታይም።

ዮናስ፦ የለም፣ ከታችኛው ነው! ላይኛው ላይ ከለጠፍክ ቢነፋ ይታያል፤ ታችኛው ላይ ቢነፋ ማንም አያየውም።

ታደሰ፦ እንዲነፋ አስበህ አትስፋ። የኮት ኮሌታ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ታችኛው ዋናውን ማጠንከሪያ ይይዛል። ብሩክ የጠየቀኝ ስለ ሸሚዝ ነው።

የስፌት ትርፉን በተመለከተ ማጠንከሪያው ስስ ከሆነ ከስፌቱ ጋር ይያዝ፤ ጠርዙ አይላቀቅም። ወፍራም ከሆነ ከስፌቱ መስመር 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርገህ ቁረጠው፣ በኮሌታው ሹል ጫፎች ላይ ደግሞ ማዕዘኑን ቆርጠህ ጣል። ያንን ካላደረግክ ሲገለበጥ አራት ድርብ ነገር አንድ ነጥብ ላይ ይከማችና ጫፉ ጉብ ይላል።

እትዬ አልማዝ፦ የሚሰፋው ግን ሁልጊዜ ከስፌቱ ጋር ይያዛል፣ ከዚያ እስከ ስፌቱ ድረስ ይከረከማል። በሙጫው ያላችሁ ደንብ ለዚህ አይሠራም።

ታደሰ፦ ትክክል ነው።

ሄኖክ፦ እሺ፦ የጥጥ ሸሚዝ፣ በቤት የሚታጠብ። የቱ ይሻላል?

ታደሰ፦ አሁን መልስ አለው። ለኮሌታው የተሸመነ፣ የጥጥ፣ በካውያ የሚለጠፍ፣ ቀድሞ የተነከረ። ለካፉ ያንኑ ዓይነት አንድ ደረጃ ሳሳ አድርገህ፤ ካፍ በእጅ አንጓ ዙሪያ መታጠፍ አለበት፣ የኮሌታው ከባድ ማጠንከሪያ እዚያ ሲገባ ቁልፉ ሲቆለፍ ካፉ ክብ አይሆንም፣ ማዕዘን ሠርቶ ይሰበራል። በካፍ ላይ በፊት ለፊቱ ጨርቅ ብቻ ለጥፍ። የቁልፍ ቀዳዳ የሚወጣበት ቦታ ማጠንከሪያው በደንብ የደረሰበት መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልደረሰ ቀዳዳው ሲሰፋ ይሸበሸባል። ቁራጭ ላይ ሞክር፤ ቀዳዳውንም እዚያው ስፋበት።

ማህሌት፦ እኔ ሁልጊዜ ማጠንከሪያ የምለጥፈው እንደ ልብስ እየተኮስኩ ነው፣ ካውያውን ወዲያና ወዲህ። ግን እየተሸበሸበ ነው የሚለጠፈው። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡልኝ?

ታደሰ፦ ዕቃው ደህና ነው። ካውያ አይንሸራተት። ማንሸራተት ሙጫው ሳይቀዘቅዝ ማጠንከሪያውን ይገፋዋል፤ በተለይ የሹራቡን። ካውያውን አሳርፊ፣ ተጫኚ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጠብቂ፣ አንሺ፣ ቀጥሎ ያለፈውን ቦታ ግማሽ በሚደርብ አኳኋን አሳርፊ። መደረቡ ያስፈልጋል፤ የእንፋሎት ቀዳዳ ያላቸው ካውያዎች ከቀዳዳው ስር ጫና አይሰጡም፣ እዚያ ሳይለጠፍ የቀረ ነጥብ በኋላ ይነሳል። ሲጨርስ እዚያው ጠፍጣፋ እንዳለ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ትኩስ ሳለ ካነሳሽው የታጠፈው ቅርጽ እንዳለ ይቀዘቅዛል። እንፋሎት ይኑር አይኑር የሚለው በማጠንከሪያው ዓይነት ይለያል፤ የአምራቹ ማሳሰቢያ ካለ አንብቢ።

ናሆም፦ ኮሌታዬ ስለተነፋፋ ሙጫው ነው ወይስ ካውያው?

ታደሰ፦ ለሰላም የጻፍኩትን አንብብ፣ ከላይ አለ። የተለየ ነገር ካለህ የተነፋበትን ቦታና መቼ እንደተነፋ ጨምረህ ጻፍ።

ብሩክ፦ የሱሪና የቀሚስ ወገብስ? የኔ ወገብ ሲቀመጡ ወደ ውጭ ይተጣጠፋል።

ታደሰ፦ ሦስት ነገር አረጋግጥ። የመጀመሪያው አቅጣጫው ነው። ወገብ በርዝመቱ እንዳይለጠጥ ነው ማጠንከሪያ የሚገባለት፤ ስለዚህ ድሩ በወገቡ ርዝመት መሄድ አለበት። ቁራጭ እንዳይባክን ብለው በወርዱ የሚቆርጡት ብዙዎች ናቸው፤ ጥቂት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ወገቡ ይሰፋል። ሁለተኛው ያልተሸመነው ወረቀት መሰል ማጠንከሪያ ነው፤ በወገብ ላይ በመተጣጠፍ ይሰበራል፣ ስብራቱም ይቀራል። የተሸመነ አድርግ።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። ያለቀው ወገብ 4 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ጨርቁን 10 ሳንቲሜትር ትቆርጣለህ፤ ሁለት ጊዜ 4፣ ከ1 ከ1 ሳንቲሜትር የስፌት ትርፍ ጋር። ማጠንከሪያው ልክ እጥፉ ላይ ካበቃ፣ ጫፉ ጨርቁን በአንድ መስመር ላይ ይቆርጠዋል፤ ወገቡም እዚያው ላይ ይታጠፋል። ከእጥፉ 1 ሳንቲሜትር አሳልፈው። የላይኛው ጠርዝ እንዲጠነክር ይረዳል።

ብሩክ፦ ጨርቁ የሚሳብ ጂንስ ነው። ያኔስ?

ታደሰ፦ ዚፕና ቁልፍ ካለው እንደ ማንኛውም ሱሪ ወገቡን አጽናው፤ መሳቡ ለጭኑና ለጉልበቱ ነው የሚያስፈልገው። ዚፕ ሳይኖረው ስቦ የሚለበስ ከሆነ ግን የሹራብ ማጠንከሪያ፣ የሚሳበው አቅጣጫ በወገቡ ዙሪያ። የማይሳብ ብትለጥፍበት ዳሌ አያሳልፍም።

ዮናስ፦ ላስቲክ ብቻ ብናስገባ ማጠንከሪያ አያስፈልግም አይደል?

ታደሰ፦ በላስቲክ ወገብ ማጠንከሪያ አልጠቀምም። ላስቲኩ ግን ከወገቡ ወርድ በ3 ሚሊሜትር ያህል ይነስ፤ ልክ ከሆነ ለማስገባት ያስቸግራል።

እትዬ አልማዝ፦ ለሚሳበው ጂንስ ወገብስ የጥጥ ጥብጣብ ከውስጥ ብታስሰፋው አይሻልም ነበር?

ታደሰ፦ ዚፕ ላለው በጣም ጥሩ ነው እትዬ። ጥብጣቡም ግን ቀድሞ ይታጠብ።