ሊንክድኢን ላይ የቡና ገዢ ፍለጋ፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ ላኪ፦ ጋሼ፣ ፕሮፋይሌ ላይ «ማኔጂንግ ዳይሬክተር» ብዬ ድርጅቴን ጽፌያለሁ። ይበቃል?

ጥሬ ቡና፦ አይበቃም። ማኔጂንግ ዳይሬክተር የሞላበት አገር ነው። ከስምህ ሥር ያለው መስመር 220 ፊደል ይይዛል፤ ሰው ኮሜንትህን ሲያይ ግን የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ዋናውን ነገር ፊት አምጣው። «የጉጂ የታጠበና ደረቅ ጥሬ ቡና ላኪ» ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚሸጥ ሳይጠየቅ ተናግሯል። ስለራስህ በምትጽፍበት ቦታ ማጠቢያ ጣቢያህ የት እንዳለ፣ በዓመት ስንት ኮንቴይነር እንደምትጭንና ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደምትጭን ጻፍ። የገበሬዎችህ ማሳ ጂፒኤስ ተለክቶ ከሆነ እሱን አትርሳ፤ አውሮፓ ያለው ገዢ በአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ምክንያት ቶሎ የሚጠይቅህ እሱን ነው። «ቡና ከኢትዮጵያ ለዓለም የተበረከተ ስጦታ» የሚለውን ተወው፣ ገዢው ያውቀዋል።

ሰሚ ያጣ፦ ኮኔክሽኔ 4 ሺህ ገደማ ደርሷል። ፖስቴን ይወዱታል፣ የሚገዛ ግን አንድም የለም።

ጥሬ ቡና፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እነማን ናቸው የሚወዱልህ? ግማሹ እንዳንተው ላኪ፣ ሌላው የለንደንና የበርሊን ትናንሽ ሮስተር ነው አይደል?

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ገደማ ይይዛል፣ 19 ቶን አካባቢ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ የሚቆላው ሮስተር ከአንድ ቡና አሥር ጆንያ ቢወስድ ነው፤ እሱንም አስመጪው እዚያው መጋዘን ካስገባው ላይ ነው የሚያነሳው። ያንተን ፎቶ ከልቡ ይወደዋል፣ ኮንቴይነር ግን ሊገዛህ አይችልም። እሱ ገዢ ሳይሆን ተመልካች ነው። የምትፈልገው አስመጪ ድርጅት ውስጥ ያለውን ቡና ገዢ ነው፤ አለበለዚያ ራሱ የሚያስመጣ ትልቅ ሮስተር።

መፈለጊያው ላይ ይህን አስገባ፣ OR እና AND በትልቅ ፊደል ይሁኑ፦

```
("green buyer" OR trader) AND coffee
```

ብዙ አስመጪዎች ገዢያቸውን «ትሬደር» ነው የሚሉት፤ coffee ካልጨመርክ የአክሲዮን ነጋዴ ይጎርፍብሃል። ከዚያ ሰው በሰው እያየህ ቀንስ። የድርጅቱን ድረ ገጽ ክፈትና የቡና ዝርዝሩን እይ። ኢትዮጵያ አለች? ካለች ከየትኛው አካባቢ? የታጠበ ሲዳማ ሞልቶት ደረቅ ጉጂ ከሌለው፣ ደረቅ ጉጂ ላለው ላኪ የሚናገረው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ኢትዮጵያን ጨርሶ የማይገዛ ከሆነ ለጊዜው እለፈው። ከመቶ ስም አሥር ቢቀርልህ ደህና ሠርተሃል።

ሰሚ ያጣ፦ ትናንሾቹን ላጥፋቸው እንዴ?

ጥሬ ቡና፦ ማን አጥፋ አለህ? መልእክት አታባክንባቸው ነው ያልኩት።

ዲጂታል ነጋዴ፦ እኔ የምለው በየቀኑ ፖስት ማድረግ ነው። አልጎሪዝሙ የሚወደው እሱን ነው።

ጥሬ ቡና፦ መታየቱ እውነት ነው። ማን ያየዋል የሚለው ነው ችግሩ። በየቀኑ የጀበና ፎቶ ስትለጥፍ የሚያይህ ጀበና ወዳድ ነው። ከአሥሩ ገዢዎች አንዱ በጻፈው ሥር የሚረባ ኮሜንት መጻፍ ይሻላል።

ኤክሴል፦ ግብዣ የሚልክልኝ መሣሪያ ገዝቼ ነበር፣ ልጠቀምበት?

ጥሬ ቡና፦ አይ። የአጠቃቀም ውሉ ይከለክለዋል፣ አካውንትህም ሊታገድ ይችላል።

ዲጂታል ነጋዴ፦ እኔ ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበት ምንም አልሆንኩም።

የሞካ ልጅ፦ ጓደኛዬ ሁለት ቀን አልቆየም ታገደ። መታወቂያ ላክ ብለውት።

ጥሬ ቡና፦ ግብዣ በእጅም ቢሆን በሳምንት መቶ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። አሥር ሰው ለሚፈልግ ሰው መቶ ምን ያደርግለታል? ወደ ቡናው እንመለስ።

ከሐዋሳ፦ እባክዎ የመጀመሪያውን መልእክት ናሙና ያሳዩን።

ጥሬ ቡና፦ እሺ። የሆነውን ልንገርሽ። የሰሜን አውሮፓ አስመጪ ውስጥ ያለ አንድ ገዢ፣ የኢትዮጵያ ደረቅ ቡና ጣዕም ከጆንያ ጆንያ ይለያያል ብሎ ጻፈ። ሥሩ ላይ በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣው ቡና ዝናብ ሲመጣ ሳይገለበጥ ቢቆይ ምን እንደሚሆን፣ እኛ ጋ ስንት ሰው እንደሚያገላብጠው ጻፍኩ። ቡና አለኝ አላልኩም። መልሶ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ግብዣ ላክሁ፣ ሲቀበለኝ ደግሞ ይህን ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ ነበር፦

«ስለ ማድረቂያው ያነሳኸው ነገር ትክክል ነው። ዝርዝራችሁ ላይ የታጠበ ሲዳማ አየሁ፣ ደረቅ ጉጂ ግን አላየሁም። ዘንድሮ ሆን ብላችሁ ትታችሁት ነው ወይስ የሚሆን አላገኛችሁም?»

በቃ። ዋጋ የለም፣ ካታሎግ የለም፣ «ክቡር ሆይ» የለም። «ትተነዋል» ካለ ጊዜሽ ተረፈ፤ «አላገኘንም» ካለ ገዢ ነው። ይህ ሰው እርጥበቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ጠየቀኝ። እርጥበት የጠየቀ ሰው ሊገዛ እያሰበ ነው። ያኔ ወደ ኢሜይል ተሻገርን፣ 350 ግራም ሳምፕል በኩሪየር ላክሁ። ሳምፕሉን ከላክሽበት ሎት ውጭ ሌላ ቡና እንዳትጭኚ፣ ከጭነት በፊት የሚላከው ሳምፕል ላይ ትያዢያለሽ።

ከሐዋሳ፦ ግብዣው ላይ ማስታወሻ ልጨምር?

ጥሬ ቡና፦ ነጻው አካውንት ላይ በወር ጥቂት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ለዋናዎቹ ቆጥቢው። ኮሜንት ላይ ካወቀሽ ያለ ማስታወሻም ይቀበልሻል።

የሞካ ልጅ፦ ዋጋ ሳይናገሩ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ኤፍኦቢ ዋጋዬን በመጀመሪያው መልእክት ነው የማስቀምጠው፣ የማይችል ይሂድ።

ጥሬ ቡና፦ ዋጋው በሳምንት ይለዋወጣል፣ የኒው ዮርክ ገበያ ሲወጣ የጻፍከው ይያዝብሃል። ውሉን ደግሞ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ሳይመዘግበው አይሄድም፣ የተቀመጠ ዝቅተኛ ዋጋ አለ። ቸኩለህ የገባኸውን ቃል ማን ይወጣልሃል?

የሞካ ልጅ፦ «ዛሬ የሚጸና» ብዬ ነው የምጽፈው። ሁለት ገዢ በዚህ ይዣለሁ።

ጥሬ ቡና፦ ያንተ ንግድ ነው። እኔ አላደርገውም።

ዱባይ ነኝ፦ እኔ የጽዳት ድርጅት አለኝ፣ ሆቴሎች ጋ በሊንክድኢን መግባት እፈልጋለሁ። የትኛው ቡና ይሻለኛል?

ጥሬ ቡና፦ ወንድሜ፣ የቡና ጥያቄ አይደለም ያንተ። የሆቴሉን የጽዳት ኃላፊ ወይም የግዢ ኃላፊውን ፈልግ፣ ውላቸው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቅ። ከዚህ በላይ ስለ ጽዳት አላውቅም።

ኤክሴል፦ ሊንክድኢን የሚሰጠኝ የሶሻል ሴሊንግ ነጥብ 41 ነው። እንዴት ልጨምር?

ጥሬ ቡና፦ ነጥቡን ከመቶ የሚሰጡት ሊንክድኢኖች ለራሳቸው ነው። ገዢ ነጥብህን አያየውም።

አዲስ ላኪ፦ መልስ ያልሰጠኝን ስንት ጊዜ ልከተለው?

ጥሬ ቡና፦ አንድ ጊዜ፣ አዲስ ነገር ይዘህ። «መልእክቴን አይተሃል?» አዲስ ነገር አይደለም። አጨዳው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ፣ የካቲት ላይ «የዘንድሮው ደረቅ ሎት ደርቆ ገባ፣ እርጥበቱ 11 ነው፣ ሳምፕል ልላክ?» በል። ካልመለሰ በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩን እንደገና እይና ወስን።

ሰሚ ያጣ፦ እና ትናንሽ ሮስተሮች ቢተባበሩ አንድ ኮንቴይነር አይሞሉም?

የሞካ ልጅ፦ ይሞላሉ፣ ማን ያሰባስባቸው? አስመጪው።

ዲጂታል ነጋዴ፦ ስለዚህ ግሩፕ ይከፈት!

ጥሬ ቡና፦ ግሩፕ መክፈት ከፈለጋችሁ እናንተ ክፈቱት። መልእክት ያለው ሰው ጽፎ ያምጣ፣ እዚሁ እናየዋለን። «እንዴት ልጀምር» የሚል ብቻ አይምጣብኝ።