ቃሉን ከነጓደኞቹ መዝግቢው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ የማጠናው ቃላት በደብተር እየጻፍኩ ነው። በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን። ሳነብ ይገባኛል። ልጽፍ ወይም ላወራ ስል ግን ዓረፍተ ነገሩ ይበላሽብኛል። ደብተሬን ምን ባደርገው ይሻላል?»

ሰላም እህቴ። እኔም በቃላት ደብተር ነው የምማረው፣ ስለዚህ የሚሠራልኝን በዝርዝር ልንገርሽ። እንግሊዝኛውን እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፈው፣ አንቺ ደብተርሽ ላይ በራሱ ፊደል ጻፊው።

አሁን ያለሽ ደብተር የሚያለማምድሽ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እንግሊዝኛውን ስታዪ አማርኛው ትዝ ይልሻል። ይሄ ለማንበብ ይበቃል። ስትጽፊ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሐሳቡ በአማርኛ ይመጣል፣ አንቺ ደግሞ ያሉሽ ነጠላ ቃላት ናቸው። ቃላቱን የሚያገናኘውን ከየት ታመጪዋለሽ? ከአማርኛው ነዋ። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ቃል እንየው። ደብተርሽ ላይ «ዲሲዥን ማለት ውሳኔ» ብለሽ ጽፈሻል እንበል። ትርጉሙ ልክ ነው። አንድ ቀን «ኮሚቴው ውሳኔ አሳለፈ» ብለሽ መጻፍ ፈለግሽ። ስሙ አለሽ፣ ግሱ ግን የለሽም። ስለዚህ «ማሳለፍ»ን ቀጥታ ወስደሽ «ፓስድ ኧ ዲሲዥን» ትያለሽ። ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም። አንባቢም ይረዳሻል። የተለመደው አባባል ግን «ሜድ ኧ ዲሲዥን» ነው። ብዙ ተወያይተው በመጨረሻ የደረሱበት ከሆነ ደግሞ «ሪችድ ኧ ዲሲዥን» ይባላል። «ፓስ» የራሱ ጓደኞች አሉት። ፓርላማ ሕግ ሲያጸድቅ «ፓስ ኧ ሎው» ይባላል፣ ዳኛ ቅጣት ሲወስን ደግሞ «ፓስ ሴንተንስ»።

እንዲህ በልማድ አብረው የሚሄዱ ቃላት ኮሎኬሽን ይባላሉ። ለምን ይሄኛው ግስ ሆነ፣ ያኛው ለምን አልሆነም ብለሽ ብትመራመሪ ብዙ ጊዜ የሚያጠግብ መልስ አታገኚም። ስለዚህ እንደ አንድ ቃል አብሮ መያዝ ነው የሚሻለው።

ወደ ደብተሩ እንግባ። ለአንድ ቃል ቢያንስ ግማሽ ገጽ ስጪው። ከላይ የምትጽፊው በተቻለ መጠን ስም ይሁን፣ ግስ ሳይሆን። ምክንያቱም ስታወሪ መጀመሪያ የሚታወቅሽ ስለ ምን እንደምታወሪ ነው፤ ስለ ውሳኔ፣ ስለ ስህተት፣ ስለ ቀጠሮ። የሚጠፋብሽ ከሱ ጋር የሚሄደው ግስ ነው። እንደ «ሜክ» ያለ ግስ ርዕስ ካደረግሽ ደግሞ ገጹ መጨረሻ የለውም።

«ዲሲዥን» የሚለው የኔ ገጽ ይህን ይመስላል። ከስሙ ስር መጀመሪያ ከፊቱ የሚመጡት ግሶች አሉ፣ «ሜክ ኧ ዲሲዥን» እና «ሪች ኧ ዲሲዥን»። ከጎናቸው አማርኛ አለ፣ ግን የቃል ሳይሆን የሐረግ አማርኛ ነው። ለመጀመሪያው «መወሰን፣ ውሳኔ ማሳለፍ»፣ ለሁለተኛው «ውሳኔ ላይ መድረስ»። አማርኛ መጻፍ ክልክል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም። ጉዳቱ ቃል በቃል ሲሆን ነው። ሐረጉ በሐረግ ከተተረጎመ አማርኛው ራሱ ትክክለኛውን ግስ ይጠራልሻል።

ቀጥሎ የሚገልጹት ቅጽሎች አሉ፣ «ኧ ዲፊካልት ዲሲዥን» እና «ዘ ፋይናል ዲሲዥን»። ከዚያ ከኋላው የሚከተለው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለጽሑፍ ግን ወሳኝ ነው። ግስ ከተከተለ «ዲሲዥን ቱ»፣ ስም ከተከተለ «ዲሲዥን ኦን» ወይም «ዲሲዥን አባውት»። ከዚህ በላይ በአንድ ቀን አልጽፍም። አምስት ስድስት መስመር ባዶ እተዋለሁ። ሳነብ አዲስ ጓደኛ ሲያጋጥመኝ እዚያው እጨምረዋለሁ። ከመዝገበ ቃላት ሃያ ሐረግ በአንዴ የተገለበጠበት ገጽ ግን ያምራል እንጂ አይታወስም።

ከሐረጎቹ ስር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባል። አንዱ ካነበብሽበት ወይም ከሰማሽበት ቦታ የተወሰደ ይሁን። ረጅም ከሆነ ቁረጪው፣ አሥራ ሁለት ቃል ገደማ ይበቃዋል። ስትቆርጪ ግን ግሱን፣ መስተዋድዱንና «ኧ» ወይም «ዘ» የሚሉትን ትንንሽ ቃላት እንዳትነኪ። የጻፍሽው ለነሱ ስትይ ነው። ሁለተኛው ስለራስሽ ሕይወት ይሁን፣ የምርሽን የምትይው። የኔ «አይ ሀቭ ቱ ሜክ ኧ ዲሲዥን ባይ ፍራይዴይ» ነው። ያኔ እውነትም እስከ አርብ መወሰን ያለብኝ ነገር ነበር።

ጥሩ ምሳሌና ደካማ ምሳሌ የሚለይበት ቀላል ፈተና አለ። ዋናውን ቃል በጣትሽ ሸፍኚና የቀረውን አንብቢ። «ዲሲዥን ኢዝ ኢምፖርታንት» ብለሽ ከጻፍሽ፣ በተሸፈነው ቦታ ጤናም፣ ጊዜም፣ ትምህርትም ይገባል። ስለዚህ ስለ ቃሉ ምንም አይነግርሽም። የአርቡን ብትሸፍኚው ግን የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ያዢ።

አሁን ዋናው ጥያቄ የቱን እንጽፍ፣ የቱን እንተው የሚለው ነው። ሁሉንም ሐረግ ከጻፍሽ ደብተሩ ይሰለችሻል። እኔ የማደርገው ይኼ ነው፦ ሐረጉን መጀመሪያ በአማርኛ እለዋለሁ፣ ከዚያ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እቀይረዋለሁ። ከትክክለኛው ጋር አንድ ከሆነ አልጽፈውም። «ጥያቄ መጠየቅ» ቃል በቃል «አስክ ኧ ኩዌስሽን» ነው፣ ልክ ነው፣ እለፊው። «ከባድ ዝናብ»ም «ሄቪ ሬይን» ነው፣ ይለፍ። ከተለያየ ግን አማርኛው የሚጎትትሽ እዚያ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ደብተር ውስጥ ይገባል።

«ጉንፋን ያዘኝ» የሚለውን ውሰጂ። በአማርኛ የሚይዘው ጉንፋኑ ነው። በእንግሊዝኛ ያዢዋ አንቺ ነሽ፣ «አይ ኮት ኧ ኮልድ»። ባለቤቱ ስለተገለበጠ «ኮልድ ማለት ጉንፋን» ብሎ መጻፍ አያድንሽም። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለውም እንደዚያው ነው። «ስለ» ስላለ እጃችን ወደ «አባውት» ይሄዳል። «ዲስከስ» ግን መስተዋድድ አይፈልግም፣ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብሌም» ነው የሚባለው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስንል «ጋር» ወደ «ዊዝ» ይጎትተናል፣ ትክክለኛው ግን «ሜሪድ ቱ» ነው። እንዲህ ያሉትን ስጽፍ ትንሿን ቃል አሰምርባታለሁ። ሐረጉንም ያችን ቃል ባዶ ቦታ አድርጌ በጎን እደግመዋለሁ።

ከደብተሩ ጀርባ ደግሞ በአማርኛ ግስ የሚጀምሩ ጥቂት ገጾች አሉኝ። እውነት ለመናገር ከሁሉም በላይ የጠቀሙኝ እነሱ ናቸው። «አነሳ» የሚለውን እዪ። በአማርኛ ፎቶ እናነሳለን፣ ስልክ እናነሳለን፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ እናነሳለን። አንድ ግስ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ፎቶው «ቴክ»፣ ስልኩ «ፒክ አፕ»፣ ጥያቄው «ሬዝ»። «ሠራ»ም እንዲሁ ነው። የቤት ሥራ «ዱ» ሲሆን ስህተት ደግሞ «ሜክ» ነው። «ዘጋ» ስንል በሩ «ክሎዝ»፣ ስልኩ «ሀንግ አፕ» ነው። አንድ የአማርኛ ግስ ከላይ ጻፊና የሚከፈልባቸውን ስሞች ከስሩ ደርድሪ። እያንዳንዱ ከነሐረጉ ይሁን።

የራስሽን ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ ስህተት ሊገባበት ይችላል። ስህተቱ ደግሞ ደብተር ላይ ከተቀመጠ እሱኑ ታጠኚዋለሽ። ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት አረጋግጪ። ለተማሪዎች የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በምሳሌዎቻቸው ውስጥ የተለመደውን ሐረግ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል ያሳያሉ። ከነሱ ሌላ እኔ የምጠቀመው SkELL የሚባለውን ነፃ ድረ ገጽ ነው፣ አድራሻው skell.sketchengine.eu ነው። ቃሉን ስትጽፊ እስከ 40 የሚደርሱ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች ያወጣልሻል። Word sketch የሚለውን ከነካሽ ደግሞ ከቃሉ ጋር በብዛት የሚሄዱትን ግሶችና ቅጽሎች ለይቶ ያሳይሻል። ጎግል ላይ ፈልጎ «ብዙ ውጤት አለው፣ ስለዚህ ልክ ነው» ማለት ግን አያስተማምንም። የሌሎች ተማሪዎች ስህተትም አብሮ ይቆጠራላ።

ስትከልሺ እንግሊዝኛውን ሸፍነሽ ከአማርኛው ሐረግ ተነሺ። «ውሳኔ ላይ መድረስ» የሚለውን አይተሽ ሙሉውን ሐረግ ድምፅ አውጥተሽ በይው። ስሙ መጥቶ ግሱ ከጠፋ አልመጣም ብለሽ ቁጠሪው። እዚህ ላይ ለራስሽ አትራሪ። ከመጣልሽ ደግሞ ሰውዬውን ወይም ጊዜውን ቀይረሽ አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ሥሪ። ያለዚያ የምትሸመድጂው ያንኑ የጻፍሽውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል።

ይሄ ዘዴ ቀርፋፋ ነው። በቀን ሦስት ወይም አራት ሐረግ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለመከለስ አይመችም። ለሁሉም ቃል ደግሞ አያስፈልግም። የእንስሳ፣ የመሣሪያ፣ የአካል ክፍል ስም ከሆነ አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ስታነቢ ብቻ የሚያጋጥምሽ፣ አንቺ ግን የማትጠቀሚበት ቃልም በነጠላው ይቀመጥ።

የድሮውን ደብተርሽን እንዳትጥዪው፣ እንደገና ልገልብጠውም ብለሽ እንዳትደክሚ። ለማንበብ ያገለግልሻል። ስትጽፊ አንድ ቃል ላይ ግሱ ወይም መስተዋድዱ ጠፍቶሽ ስትቆሚ፣ ያንን ቃል ብቻ አውጥተሽ በአዲሱ ደብተር ግማሽ ገጽ ስጪው።