መልስ፦ የነጠላ ፎቶ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ሲወጣ

«ነጠላ እሸጣለሁ። በስልኬ የማነሳው ፎቶ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ይሆናል። የምሸጥበት የኢንተርኔት ገጽም ሲከፈት ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጥፋቱ የስልክሽ ሳይሆን የተደባለቀ ብርሃን ነው። የመስኮት ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የቤት አምፖል ብዙውን ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል። አምፖሉን አጥፊና ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አድርጊ። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርጂ። ጥላ በሚወድቅበት ጎን ነጭ ካርቶን አቁሚ።

ነጭ ልብስ ስልክን ያሳስታል፤ ግራጫ አድርጎ ያወጣዋል። በስልኩ ስክሪን ላይ ጥለቱ የሚታይበትን ቦታ በጣትሽ ተጭነሽ ቆዪ። አይፎን ከሆነ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ብርሃኑና ትኩረቱ ተቆለፉ ማለት ነው። ከዚያ ጣትሽን ወደ ላይ ሳብ አድርገሽ ትንሽ አድምቂው። የሽመናው ክር ከጠፋ ግን አብዝተሻል ማለት ነው፣ መልሺው።

ፎቶዎቹ ሁሉ እንዲመሳሰሉ ስልኩና ነጠላው የሚቀመጡበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጊ። እኔ ይህን ንቄ ግማሹን ዕቃ እንደገና አንስቻለሁ!

የሚያንቀራፍፈው የፋይሉ ክብደት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል። ሁሉንም እኩል ካሬ አድርገሽ ቁረጪ፣ ጎኑን ወደ 1200 ፒክስል አሳንሺ፣ በጄፔግ ጥራት 80 አስቀምጪ። አብዛኛው ከ300 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፤ ጥለቱ የበዛ ትንሽ ይከብዳል። ዋናውን ፎቶ ግን እንዳታጠፊው።