«ጊቭ» መስጠት ከሆነ «ጊቭ አፕ» ምንድን ነው?

«ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አንድ እንግዳ ‹ዊ ሃቭ ቱ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ› ቢሉኝ፣ ስብሰባው ቀርቷል ብዬ አዳራሹን ለሌሎች ሰጠሁ። ለካ አልቀረም! ‹ኦፍ› ማጥፋት አይደለም እንዴ?» (ከሐዋሳ)

እህቴ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እንደዚያ ነው። «ፑት ኦፍ» ሲባል ግን ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላለፈ ማለት ነው። ቀረ፣ ተሰረዘ ለማለት «ኮል ኦፍ» ይላሉ። ሁለቱም «ኦፍ» ስላላቸው ቃሉን መበጣጠስ አይረዳዎትም። «ፑት ኦፍ» በሰሙ ቁጥር «አንቲል ዌን?» ብለው እስከ መቼ እንደተላለፈ ይጠይቁ፤ የተሰረዘ ከሆነ እንግዳው ያኔውኑ ያርምዎታል። አንድ ነገር ልጨምር፤ አሞራ ገደል የሄደ እንግዳ «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» ቢልዎት፣ የዓሣው ሽታ ፍላጎቴን ዘጋው ማለቱ ነው እንጂ ስለ ቀጠሮ አያወራም።

«‹አይ ረን ሂም ኢንቱ› ብዬ ብጽፍ መምህሬ ሰረዙብኝ። ‹ፑት ኢት ኦፍ› ግን ልክ ነው አሉ። ለምን?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

መምህርህ ልክ ናቸው። «ፑት ኦፍ» ይከፈላል፤ «ረን ኢንቱ» ግን አይከፈልም። ፈተናው ተላለፈ ለማለት «ፑት ኦፍ ዘ ኤግዛም» ወይም «ፑት ዘ ኤግዛም ኦፍ» ብትል ሁለቱም ያስኬዳል። በስሙ ፈንታ «ኢት» ስትተካ ግን ምርጫ የለህም፤ መሃል ይገባል። «ፑት ኦፍ ኢት» ስህተት ነው። «ጊቭ አፕ»ም እንደዚሁ «ጊቭ ኢት አፕ» ይሆናል። ጓደኛህን ገበያ ውስጥ ሳታስበው ብታገኘው ግን «አይ ረን ኢንቱ ሂም» ነው፤ ሰውየው ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ጆሮህም ይረዳሃል። በ«ፑት ኢት ኦፍ» ውስጥ ድምፁ የሚጠነክረው «ኦፍ» ላይ ነው፤ በ«ረን ኢንቱ ሂም» ግን «ረን» ላይ ይጠነክርና «ኢንቱ» ፈጠን ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ደብተርህ ላይ ግሡን ብቻውን አትጻፍ። ጥሩ መዝገበ ቃላት እንደሚያደርገው «ፑት ሰምቲንግ ኦፍ»፣ «ረን ኢንቱ ሰምባዲ» እያልክ ተሳቢውን ከነቦታው ጻፈው።

«ልጄ ‹ጊቭ አፕ›ን ‹ወደ ላይ መስጠት› ብሎ ተረጎመው። እንዴት ላስረዳው?» (የ6ኛ ክፍል ተማሪ እናት)

ከአማርኛው ይጀምሩለት። «ቁጭ አለ» ሲባል ሰውየው ምን አለ ብለው ይጠይቁት። ምንም አላለም፤ ተቀመጠ እንጂ። ልጅዎ «ቁጭ»ንና «አለ»ን ነጣጥሎ ሳይፈታ አንድ ላይ ተምሯቸዋል። ከዚያ «እጅ ሰጠ»ን ያንሱለት፤ እጁን ቆርጦ የሰጠ የለም፤ ተሸነፍኩ አለ እንጂ። ጠላት «ጊቭ አፕ» ሲያደርግ ትርጉሙ ይኸው ነው። «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» ሲሆን ግን ማጨስ ተወ ይባላል፤ እዚህ «እጅ ሰጠ» አይሄድም። «ጌቭ አፕ ቱ ስሞክ» ብሎ እንዳይጽፍም ይንገሩት፤ ከ«ጊቭ አፕ» በኋላ የሚመጣው ግስ በ«ኢንግ» ይጨርሳል።