የትራንዚት ሰዓት እንዴት ይቆጠራል?

«ጁላይ ላይ ለሚሆን ጉዞ ስክሪንሾቱ IAD 18:00 – FRA 08:00 +1፣ ከዛ FRA 22:00 – ADD 06:00 +2 ይላል። ትራንዚቱ ስንት ሰዓት ነው? ጠቅላላውስ?»

ትራንዚቱ ቀላል ነው ወንድሜ፣ መድረሻውም መነሻውም የፍራንክፈርት ሰዓት ስለሆነ ዝም ብለህ ከ22 ላይ 8 ቀንስ፣ 14 ሰዓት። የሰዓት ልዩነት እዚህ ጋር አይገባም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱን አስገብቶ ነው።

ጠቅላላው ላይ ግን ይገባል። +2 ማለት ከዲሲ ከተነሳህበት ቀን ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከ18:00 እስከ 06:00 +2 ዝም ብለህ ስትቆጥር 36 ሰዓት ይመጣል፣ አዲስ አበባ በሰመር ከዲሲ 7 ሰዓት ስለምትቀድም እሱን ቀንሰህ 29 ይቀራል (በዊንተር ቢሆን 8 ነበር የምትቀንሰው)። የፍራንክፈርት ሰዓት ለዚህኛው አያስፈልግም። ማረጋገጥ ከፈለክ ስክሪንሾቱ ላይ የበረራ ርዝመት ካለ ደምረው፣ 8 + 14 + 7 መምጣት አለበት፣ ካልመጣ አንዱን +1 ዘለኸዋል ማለት ነው።

ደግሞ ለሚቀበሉህ ስትነግር 06:00 በኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ «6 ሰዓት» ብለህ ከላክላቸው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚመጡልህ 😂